አንዱ ጤፍ ለምን ሁለት የእርጥበት ቁጥር ይሰጣል?

አንድ የጤፍ ጭነት ሲጫን 12.5 በመቶ እርጥበት ያሳየና መርካቶ እህል በረንዳ ሲራገፍ በሌላ መለኪያ 13.9 ቢያሳይ፣ ጥርጣሬው ወዲያው የሚያርፈው ሰው ላይ ነው። ገዢው «መንገድ ላይ ውኃ ተርከፍክፎበታል» ይላል፣ ሻጩ ደግሞ «ማሽኑ ተነካክቷል» ይላል። ሁለቱም ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ከሁለቱም በፊት ግን አንድ ጥያቄ መነሳት ነበረበት፤ ሲለካ በማሽኑ ላይ የተመረጠው የእህል ዓይነት የትኛው ነበር?

በእጅ የሚያዙት መለኪያዎች ከውጭ የሚገቡ ናቸው። የእህል ዝርዝራቸው ስንዴ፣ በቆሎ፣ ገብስና ሩዝ እያለ ይቀጥላል፤ ብዙዎቹ ላይ ግን ጤፍ የለም። ጤፍ የሚለካው ሰው ያለው አማራጭ «ስንዴ» ወይም «ማሽላ» የሚለውን መርጦ መለካት ነው። ማሽኑም የገባበት ጤፍ ይሁን ስንዴ የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ቁጥሩን ይሰጣል። ቁጥሩ እስከ አንድ አሥረኛ ድረስ ተጽፎ ሲወጣ ትክክለኛ ይመስላል። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

መለኪያው ውኃን አይለካም

ገበያ ላይ ያሉት መለኪያዎች በአብዛኛው ከሁለት ዓይነት አንዱ ናቸው። የመጀመሪያው እህሉ በኩባያ መሰል ዕቃ ውስጥ ሳይፈጭ የሚፈስበት ነው። በኩባያው ግድግዳዎች መካከል ፈጣን የኤሌክትሪክ ንዝረት ያልፋል፣ ማሽኑም በመካከሉ ያለው ነገር የኤሌክትሪክ ጉልበት የመያዝ አቅሙ ምን ያህል እንደሆነ ያነብባል። ይህ አቅም ካፓሲታንስ ይባላል። በዚህ ረገድ ውኃ ከሌላው ሁሉ ይለያል፤ ኩባያው ባዶ ከሆነበት ጋር ሲነጻጸር ውኃ በክፍል ሙቀት ይህን አቅም ወደ 80 እጥፍ ሲያሳድገው ደረቅ እህል ግን ከ2 እስከ 4 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሽ ውኃ ሲጨመር ንባቡ በግልጽ ከፍ ይላል። ሁለተኛው ዓይነት ጥቂት እህል በመጭመቂያ ከተደቆሰ በኋላ ኤሌክትሪክ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያልፍበት ይለካል። እርጥብ እህል ያሳልፋል፣ ደረቅ እህል ያግዳል። እህሉ በጣም ሲደርቅ፣ ማለትም እርጥበቱ ከ7 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ፣ ይህ ሁለተኛው ዓይነት አስተማማኝነቱን ያጣል።

በሁለቱም ዓይነት የሚለካው የኤሌክትሪክ ባሕርይ ነው። ያንን ባሕርይ ወደ በመቶኛ የሚቀይረው በማሽኑ ውስጥ የተቀመጠ ስሌት ሲሆን፣ ስሌቱ ለእያንዳንዱ እህል የተለየ ነው። አምራቹ የስንዴውን ስሌት ያገኘው ብዙ የስንዴ ናሙናዎችን በማሽኑ ከለካ በኋላ እነዚያኑ ናሙናዎች በምድጃ አድርቆ ትክክለኛ እርጥበታቸውን በማወቅ ነው። ይህ የማመሳከር ሥራ ካሊብሬሽን ይባላል። «ስንዴ» የሚለውን ስንመርጥ ማሽኑን «ይህን የኤሌክትሪክ ንባብ አንድ ስንዴ ቢሰጥህ ኖሮ እርጥበቱ ስንት ይሆን ነበር?» ብለን እየጠየቅነው ነው። ኩባያው ውስጥ ያለው ጤፍ ከሆነ መልሱ የሌላ እህል መልስ ይሆናል።

ጤፍ ከስንዴ የሚለይበት

የመጀመሪያው ልዩነት አቀማመጥ ነው። አንድ ሺህ የስንዴ ፍሬ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ግራም ሲመዝን፣ አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ግን የግራም ሲሶ ያህል ብቻ ነው። እንዲህ የደቀቀ ፍሬ ሲፈስ የሚተኛበት መንገድ ከስንዴው የተለየ ነው፤ በፍሬዎቹ መካከል የሚቀረው የአየር ክፍተት፣ ወደ ኩባያው ጥግ የሚገባው መጠን፣ በአፈሳሱ ፍጥነት ምክንያት የሚመጣው ልዩነት ሁሉ የራሱ ነው። ካፓሲታንስ የሚያነበው ኩባያ ደግሞ ውስጡ ያለውን ነገር በሙሉ በአንድነት ስለሚያይ፣ ተጨማሪ ደረቅ ፍሬ መግባቱን ከተጨማሪ ውኃ ለይቶ ማወቅ አይችልም። በአንድ ኩባያ ብዙ እህል ተጠቅጥቆ ከገባ፣ ውኃው ሳይጨምር ንባቡ ይጨምራል።

ሚዛን የተገጠመላቸው መለኪያዎች ናሙናውን መዝነው ይህን በከፊል ያርማሉ። ሚዛን የሌላቸው ግን ሙሉ በሙሉ የተመኩት ኩባያው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አሞላል በመሞላቱ ላይ ነው። መታ መታ አድርጎ የሞላና ዝም ብሎ ያፈሰሰ ሰው በአንድ ማሽን፣ በአንድ ጤፍ፣ የተለያየ ቁጥር ቢያገኙ የሚደንቅ አይደለም።

ሁለተኛው ልዩነት ፍሬው የተሠራበት ነገር ነው። በእህል ውስጥ ያለ ውኃ እንደ ጉድጓድ ውኃ ነጻ አይደለም፤ ከስታርችና ከፕሮቲን ጋር ተያይዞ ስለሚኖር ለኤሌክትሪኩ የሚሰጠው ምላሽ ይዳከማል። የመዳከሙ መጠን የስታርቹ፣ የፕሮቲኑ፣ የቅርፊቱና የማዕድኑ ድርሻ ሲለያይ አብሮ ይለያያል። የጤፍ ፍሬ ትንሽ በመሆኑ ከጠቅላላው የቅርፊቱ ድርሻ ከስንዴው ይበልጣል። እንግዲህ አቀማመጡም ይዘቱም ከስንዴው የሚለይ እህል በስንዴ ስሌት ሲነበብ ስህተቱ በየትኛው አቅጣጫና በምን ያህል እንደሚሆን አስቀድሞ መናገር አይቻልም። እንደ ማሽኑ ሞዴል ይለያያል። አንዱ መለኪያ ከፍ አድርጎ ሌላው ዝቅ አድርጎ ቢያነብ ሁለቱም ሳይበላሹ ሊሆን ይችላል።

የይዘት ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በቅባት እህሎች ላይ ነው። የሰሊጥ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፣ ዘይት ደግሞ ውኃ አይዝም። ስለዚህ ውኃው በሙሉ የሚቀመጠው በቀሪው ግማሽ ውስጥ ነው። ሒሳቡ ቢሠራ 7 በመቶ ገደማ እርጥበት ያለው ሰሊጥ ዘይት ባልሆነው ክፍሉ የያዘው ውኃ 13.5 በመቶ እርጥበት ካለው በቆሎ ጋር ይቀራረባል፤ ለሻጋታ ያላቸው ተጋላጭነትም እንዲሁ ይቀራረባል። «በቆሎው 13 ሆኖ ደህና ከተቀመጠ ሰሊጡ 10 ቢሆን ምን አለበት?» የሚለው ክርክር ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የእህሉን ስም ያልያዘ የእርጥበት ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረንም።

ምድጃው ምን ያደርጋል?

በሁለት መለኪያ መካከል ክርክር ሲነሳ የሚዳኘው የማድረቂያ ምድጃ ነው። አሠራሩ ለመናገር ቀላል ነው፤ እህሉ ይመዘናል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይመዘናል፣ የጎደለው ክብደት እንደ ውኃ ይቆጠራል። ይሁንና የጎደለው ሁሉ ውኃ ነው ማለት አይደለም። ሙቀቱ ሲበዛ ሌሎች በቀላሉ የሚተኑ ነገሮች አብረው ይወጣሉ፣ ሲያንስ ደግሞ ከፍሬው ጋር የተጣበቀው ውኃ ይቀራል። ስለዚህ ሙቀቱና ጊዜው በስምምነት ተወስነዋል። አይ ኤስ ኦ 712 የተባለው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ስንዴን፣ ገብስን፣ ማሽላንና መሰሎቻቸውን ከፈጨ በኋላ ከ130 እስከ 133 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ2 ሰዓት ያደርቃል። በቆሎ የራሱ ስታንዳርድ አለው፤ ጥሬ ቡና በ105 ዲግሪ ለ16 ሰዓት የሚቆይበት የተለየ ስታንዳርድ አለው። ለጤፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው የስንዴው አካሄድ ነው። ዋናው ነገር የተከራካሪዎቹ ቤተ ሙከራዎች አንድ ዓይነት አካሄድ መከተላቸውና ያንንም በወረቀቱ ላይ መጻፋቸው ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ጤፉ ሳይሞቅ በፍጥነት ይፈጫል። ክዳን ያለው ትንሽ የብረት ሳህን ይመዘናል፤ 21.402 ግራም ነው እንበል። 5 ግራም ገደማ ዱቄት ተጨምሮ ሲመዘን 26.418 ሆነ፤ ስለዚህ ናሙናው 5.016 ግራም ነው። ከ2 ሰዓት በኋላ ክዳኑ ተገጥሞ ይወጣል፤ እርጥበት የሚመጥ ነገር ባለበት በተዘጋ መስታወት ውስጥ፣ ዴሲኬተር በሚባለው ዕቃ፣ እስኪቀዘቅዝ ይቆያል። ከዚያ ሲመዘን 25.793 ሆነ። የጎደለው 0.625 ግራም ነው። 0.625 ለ5.016 ሲካፈል 12.46 በመቶ ይሆናል። ከዚያው ጤፍ ሁለተኛ ሳህን ጎን ለጎን ይሠራል። የሁለቱ ውጤት ልዩነት ከ0.15 ከበለጠ የትኛው ትክክል እንደሆነ መገመት ትቶ ሥራውን መድገም ይሻላል።

በዚህ ቀላል ሒሳብ ውስጥ የገበያውን ክርክር የሚያባብስ አንድ ወጥመድ አለ። ያንኑ 0.625 ግራም በናሙናው ሙሉ ክብደት ሳይሆን በደረቁ ክብደት፣ ማለትም በ4.391 ግራም ብናካፍለው 14.2 በመቶ እናገኛለን። ሁለቱም ትክክለኛ ስሌት ናቸው። በንግድ የሚሠራበት የመጀመሪያው ነው፤ በምርምር ጽሑፎች ግን ሁለተኛውም የተለመደ ነው። 12.5 እና 14.2 የሚሉ ሁለት ወረቀቶች ይዘው ሰዎች ሲከራከሩ ቀድሞ መታየት ያለበት እርጥበቱ ከጠቅላላው ክብደት ተሰልቶ እንደሆነ ወይም ከደረቁ ነው።

ምድጃውም ቢሆን አይሳሳትም ማለት አይደለም። ሚዛኑ የሚያነበው እስከ ግራም መቶኛ ብቻ ከሆነ በ5 ግራም ናሙና ላይ የአንዲት አኃዝ መዛባት 0.2 ነጥብ ታመጣለች፤ ስለዚህ እስከ ግራም ሺኛ የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል። ሳህኑ ገና ሳይቀዘቅዝ ከተመዘነ በዙሪያው የሚነሳው ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚገፋው ቀልሎ ይታያል፣ እርጥበቱም የበዛ ይመስላል። ያለ ዴሲኬተር ጠረጴዛ ላይ ከቀዘቀዘ ደግሞ በተለይ በክረምት ደረቁ ዱቄት ከአየሩ እርጥበት ይስባልና እርጥበቱ ያነሰ ይመስላል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኑና ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የምድጃው ሙቀት እዚህ መቀነስ አለበት የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። አያስፈልግም፤ 130 ዲግሪ ከዚህም ከባሕር ዳርቻውም የመፍያ ነጥብ በብዙ ይበልጣል። ሙቀቱን ዝቅ ማድረግ ንጽጽሩን ያበላሻል እንጂ አይጠቅምም።

የራስን መለኪያ ለጤፍ ማረም

ጤፍ ከዝርዝሩ የሌለበት መለኪያ መጣል የለበትም። አንድ የተወሰነ ምርጫ፣ ለምሳሌ «ስንዴ»፣ ተይዞ ሁልጊዜ በዚያው ከተለካ ስህተቱ የሚታወቅና የሚታረም ይሆናል። ለዚህ ከደረቁ እስከ እርጥቡ የሚደርሱ ቢያንስ አምስት የጤፍ ናሙናዎች ያስፈልጋሉ። እያንዳንዱ በደንብ ተደባልቆ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ ተዘግቶ፣ ከመለኪያው ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ያድራል። በማግሥቱ ሦስት ጊዜ ይለካና አማካዩ ይያዛል፤ ከዚያው ዕቃ የተወሰደ ናሙና በዚያው ቀን ወደ ምድጃ ይገባል።

ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የሚከተሉትን አኃዞች እንውሰድ። ምድጃው ለአምስቱ ናሙናዎች 9.8፣ 11.2፣ 12.5፣ 13.9 እና 15.3 ሰጠ። መለኪያው በስንዴ ምርጫ 11.4፣ 12.7፣ 13.9፣ 15.2 እና 16.5 አነበበ። ልዩነቱ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው፤ ግን እኩል አይደለም፣ ከ1.6 ጀምሮ ወደ 1.2 ይወርዳል። ቀላሉ እርማት ከእያንዳንዱ ንባብ አማካዩን ልዩነት 1.4 መቀነስ ነው። እንዲህ ሲደረግ በመካከሉ ትክክል ይሆናል፣ በሁለቱ ጫፎች ግን 0.2 ይስታል። የበለጠ የሚጠነቀቅ ሰው ንባቡን በ1.08 አባዝቶ 2.5 ቢቀንስለት አምስቱም ከምድጃው ጋር ይገጥማሉ። ለዕለት ግብይት የመጀመሪያው ይበቃል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ከጆንያው በዘንግ ናሙና ከመውሰድ የሚመጣው ልዩነት ብቻውን ከ0.2 ሊበልጥ ይችላል። ልዩነቶቹ ግን ምንም መስመር ሳይከተሉ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ቢዘሉ፣ ችግሩ የማሽኑ ስሌት አይደለም። አሞላሉን፣ የናሙናውን አደባለቅ ወይም ባትሪውን መመልከት ያስፈልጋል፤ እነዚህ ሳይስተካከሉ እርማት ማድረግ ዋጋ የለውም።

ይህ በብር ምን ማለት እንደሆነ ለማየት መነሻ ወዳደረግነው ጭነት እንመለስ። ጭነቱ 100 ኩንታል፣ እውነተኛ እርጥበቱ 12.5፣ ውሉ የተሠራውም በ12.5 ነው እንበል። ገዢው ያልታረመውን 13.9 ይዞ የውኃውን ክብደት ልቀንስ ቢል፣ ደረቁ ነገር 86.1 በመቶ ነው ብሎ ለ87.5 ያካፍላል። ውጤቱ 98.4 ኩንታል ነው። ማንም ውኃ ሳይጨምር፣ ማንም ማሽን ሳይነካካ፣ ሻጩ 1.6 ኩንታል ጤፍ አጣ። ማሽኑ በተቃራኒው ዝቅ አድርጎ የሚያነብ ቢሆን ኖሮ ኪሳራው የገዢው ይሆን ነበር፤ ሻጋታውም ጭምር።

ተርከፍክፎበታል የሚለው ክስ

ክሱ እውነት የሚሆንበት ጊዜም አለ። በቅርቡ የተጨመረ ውኃ ገና ወደ ፍሬው ውስጥ ስላልሰረገ በላዩ ላይ ይቀመጣል፤ በተለይ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ የሚለካው ማሽን ይህን አጋንኖ ያነባል። ፀሐይ ላይ ወይም በማድረቂያ በፍጥነት የደረቀ እህል ደግሞ ተቃራኒው ነው። ላዩ ደርቆ ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ ዝቅ ብሎ ይነበብና ከአንድና ሁለት ቀን በኋላ ቁጥሩ ራሱ ከፍ ይላል። በእርጥብና በደረቅ ጤፍ ድብልቅ ላይም ተመሳሳይ መዛባት ይታያል።

መለያው ቀላል ነው። ከጭነቱ የተወሰደው ናሙና ይለካል፣ በተዘጋ ዕቃ ያድራል፣ በማግሥቱ እንደገና ይለካል። ዕቃው አየር ካላስገባ የውኃው መጠን አልተለወጠም፣ የተለወጠው አቀማመጡ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በግልጽ ከወረደ የላይ ውኃ እንደነበረ ይጠረጠራል፤ ከወጣ በፍጥነት የደረቀ ነው፤ ባለበት ከቆየ ግን ጤፉ አስቀድሞ የተረጋጋ ነው፣ ልዩነቱም ከመለኪያው የመጣ የመሆኑ ዕድል ይጨምራል። ይህ ምርመራ ከቀናት በፊት ተረጭቶ የሰረገ ውኃን አያጋልጥም። እንዲህ ያለውን ምድጃው በቁጥር ያሳያል፤ ከየት እንደመጣ ግን ምድጃውም አይናገርም።

ሙቀትም እዚህ ይገባል። ከቆላ ሞቆ የመጣ ጭነት አዲስ አበባ በማለዳው ቅዝቃዜ ውስጥ ሲለካ፣ ወይም በሌሊት የቀዘቀዘ ጆንያ ሞቃት ቢሮ ውስጥ ሲከፈት፣ የእህሉና የማሽኑ ሙቀት አይገናኝም። እርማት በማይደረግበት የካፓሲታንስ መለኪያ ላይ አንድ ዲግሪ ወደ 0.1 ነጥብ ገደማ ልታመጣ ትችላለች፤ የ10 ዲግሪ ልዩነት እንግዲህ አንድ ሙሉ ነጥብ ይሆናል። የሙቀት ማረሚያ ያላቸው ማሽኖችም ሙቀቱን የሚያነቡት በራሳቸው ቴርሞሜትር ስለሆነ ከእህሉ ጋር እስኪተካከሉ ጊዜ ይፈልጋሉ።

ሦስት አስተያየቶች

መለኪያ ሻጮች «ከፋብሪካ ተስተካክሎ የመጣ ነው» ይላሉ። ይህ ለተስተካከለለት እህል እውነት ነው፤ ለጤፍ ማስረጃ የሚሆነው ግን ጤፍ በስሙ በዝርዝሩ ላይ ካለ ብቻ ነው። ዝርዝሩ ላይ ቢኖርም እንኳ በጥቂት ናሙናዎች ከምድጃ ጋር ማመሳከር ይገባል፤ አምራቹ የተጠቀመበት ጤፍ ከየት እንደመጣ አይታወቅምና።

ልምድ ያላቸው ነጋዴዎች ደግሞ ለጥርስና ለእጅ የበለጠ ያምናሉ። ይህ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ በጣም እርጥብና በጣም ደረቅ የሆነውን ጤፍ ይለያሉ፣ ሽታውን ይይዛሉ፣ ማሽን የማያየውን ሻጋታና አፈር ያያሉ። ይሁንና 12.5ን ከ13.9 በጥርስ መለየት አይቻልም፤ ክርክሩ ያለው ደግሞ በትክክል በዚህ ጠባብ ክልል ውስጥ ነው። የቤተ ሙከራ ሰዎች በበኩላቸው ከምድጃ በቀር ሌላውን አይቀበሉም። በመርህ ትክክል ናቸው፤ ግን መኪና የሚያራግፍ ሰው ናሙና አስፈጭቶ፣ አድርቆና አቀዝቅዞ ግማሽ ቀን ሊጠብቅ አይችልም።

በእኔ እይታ የሚያስታርቃቸው የሥራ ክፍፍል ነው። በየዕለቱ መለኪያው ይለካ፤ ምድጃው ደግሞ መለኪያውን ይለካ። ገዢና ሻጭ ዋጋ ከመነጋገራቸው በፊት የሚለኩበትን የማሽን ሞዴል፣ የተመረጠውን የእህል ስምና የሚቀነሰውን እርማት በውላቸው ላይ ቢጽፉ፣ ከክርክሩ የሚበዛው መኪናው ከመድረሱ በፊት ያልቃል። በቀረው ላይ ሁለቱም የፈረሙበት የታሸገ ናሙና ወደ ምድጃ ይላካል።

እርማቱ የሚሠራው ለተሠራበት ማሽን ብቻ ነው፤ አንድ ሞዴል የሆነ ሌላ ማሽንም የራሱን ይፈልጋል። አዲስ ምርት ሲገባ፣ ማሽኑ ሲወድቅ ወይም ኩባያው ሲጎዳ፣ ከነጭ ወደ ቀይ ጤፍ ሲታለፍ፣ ሦስት ናሙና በምድጃ አስደርቆ ማየት ያስፈልጋል። ሦስቱም በ0.5 ነጥብ ውስጥ ከተገናኙ የድሮው እርማት ይቀጥላል፤ ካልተገናኙ አምስቱ ናሙናዎች እንደገና ይሠራሉ።